የቅርብ አለቃ ለችሎት የሚጽፈው ደብዳቤ



እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጣችሁት አብዛኞቻችሁ ሰው የምታሠሩ ናችሁ። የስምሪት ኃላፊዎች፣ የመጋዘን ኃላፊዎች፣ የፈረቃ አለቆች፣ የሰው ሀብት ባለሙያዎች አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ የሠራተኛ ሚስት ወይም ወንድም ቢሮ ድረስ መጥቶ «እባክዎ ለፍርድ ቤት አንድ ደብዳቤ ይጻፉለት» ብሏችሁ ያውቃል። ያልገጠማችሁም ይገጥማችኋል። እኔ በጥብቅና ሙያዬ እነዚህን ደብዳቤዎች ከእናንተ እየተቀበልኩ ለችሎት የማቀርብ ሰው ነኝ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ከዚህ በፊት ተከስሶ የማያውቅ ሠራተኛ ጥፋተኛ ሲባል የቅርብ አለቃው ለዳኛው ስለሚጽፈው ደብዳቤ።

በብዛት የሚደርሰኝን ታውቁታላችሁ። ከላይ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። ቀጥሎ «አቶ እገሌ በመሥሪያ ቤታችን ከዚህ ዓመት ጀምሮ በዚህ የሥራ መደብ ተቀጥረው በመሥራት ላይ የሚገኙ ሲሆን፣ በቆይታቸው መልካም ሥነ ምግባር ያላቸው፣ ታታሪና ከባልደረቦቻቸው ጋር ተግባቢ መሆናቸውን እየገለጽን ይህን ማስረጃ ሰጥተናል» ብሎ «ከሰላምታ ጋር» ይዘጋል። ማኅተሙ ደማቅ ነው፤ የወጪ ቁጥሩም አለ። ግን ይኸው ደብዳቤ ለባንክ ብድር፣ ለቪዛ፣ ለቤት ኪራይ ዋስትናም ይጻፋል። ዳኛው በአንድ ቀን ስንት መዝገብ እንደሚያይ አስቡት። ይህን ወረቀት አንብቦ ይገለብጠዋል፤ ልቡ ስለጨከነ አይደለም፣ ወረቀቱ በፍርዱ ላይ የሚጽፈው ነገር ስላልሰጠው ነው።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዳኛ ቅጣት ሲያቀል ወይም ሲገድብ ምክንያቱን መጻፍ አለበት። ዐቃቤ ሕጉ ይግባኝ ቢል የበላይ ፍርድ ቤት የሚመረምረው ያንን ምክንያት ነው። ስለዚህ ደብዳቤያችሁ ዳኛው ወደ ፍርዱ ሊያሸጋግረው የሚችል አንድ ወይም ሁለት ተጨባጭ ነገር ከሌለው፣ ዳኛው ሊረዳችሁ ቢፈልግ እንኳ የሚይዘው ነገር አያገኝም።

ደብዳቤው መቼ እንደሚገባ እንይ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 149 ቅደም ተከተሉን ያስቀምጣል። ችሎቱ በመጀመሪያ የጥፋተኝነት ፍርድ ይሰጣል። ከዚያ ዐቃቤ ሕጉን ስለ ቅጣቱ የማክበጃም ሆነ የማቅለያ አስተያየት እንዳለው ይጠይቀዋል። ዐቃቤ ሕጉ ስለ ጥፋተኛው ጠባይ ምስክር ሊያቀርብ ይችላል። ቀጥሎ ተራው የጥፋተኛው ነው፤ መልስ ይሰጣል፣ እርሱም ስለ ጠባዩ ምስክር ሊያሰማ ይችላል። የእናንተ ደብዳቤ የሚገባው በዚህች ጠባብ በር ነው። ከጥፋተኝነት ፍርዱ በኋላ፣ ከቅጣቱ በፊት። በሁለቱ መካከል ያለው ቀጠሮ አጭር ሊሆን ስለሚችል ዝግጅቱ ቀደም ብሎ መጀመር አለበት፤ አቀራረቡ ግን በሰዓቱ ነው።

ያለ ሰዓቱ የገባ ደብዳቤ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ሠራተኛው ገና ሲከራከር፣ ለዋስትና ተብሎ አለቃው የሚጽፈው ደብዳቤ ውስጥ «ለእኔ ጥፋቱን አምኖልኛል፣ ተጸጽቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ገብቶ አይቻለሁ። አለቃው በቅንነት ነው የጻፈው። ዐቃቤ ሕጉ ግን ያንን እንደ እምነት ቃል ይዞት መጣ። ለዋስትና የሚጻፍ ደብዳቤ ሰውየው ቋሚ ሥራና አድራሻ እንዳለው፣ ቀጠሮ ሲኖረው ፈቃድ እንደሚሰጠው ከተናገረ በቂ ነው። ስለ ጸጸት የሚነገረው ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ነው።

አሁን ዳኛው በእጁ ምን እንዳለ እንመልከት፤ ረጅም አላደርገውም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 82 ጠቅላላ የቅጣት ማቅለያ ምክንያቶች ተዘርዝረዋል። ከእነዚህ መካከል የእናንተን ደብዳቤ የሚነኩት ሁለቱ ናቸው። አንደኛው ስለ ቀድሞ መልካም ጠባይ ይናገራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ሕጉ ግን መልካም ጠባዩን ከድርጊቱ ሁኔታ ጋር ያያይዘዋል፤ ቀድሞ መልካም ጠባይ የነበረው ሰው በማስተዋል ጉድለት፣ ባለማወቅ ወይም በየዋህነት ጥፋቱን ሲፈጽም ማለት ነው። ስለዚህ «ጨዋ ነው» ማለት ብቻውን ግማሽ መንገድ ነው። ሁለተኛው ከድርጊቱ በኋላ ስለታየ እውነተኛ ጸጸት ነው፤ ተጎጂውን መርዳት፣ ጥፋትን ማመን፣ እጅን መስጠት፣ የተቻለውን ያህል ጉዳቱን መካስ። አንቀጽ 86 ደግሞ ዳኛው በሕጉ ያልተዘረዘረ ሌላ ምክንያት ቢያገኝ፣ ለምን እንደተቀበለው ጽፎ ቅጣት እንዲያቀል ይፈቅድለታል። ከአንቀጽ 190 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ስለ ገደብ ናቸው። ዳኛው ሰውየው በማስጠንቀቂያ ብቻ ይታረማል ብሎ ካመነ ቅጣቱን ከሁለት እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጊዜ ሊገድበው ይችላል። እዚህ ላይ የሚጠይቀው ጥያቄ «ይህ ሰው ነገ ጠዋት የት ይውላል? ማን ያየዋል?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ከቅርብ አለቃ የተሻለ መልስ ያለው ሰው የለም።

ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ታሪኩን ለዚህ ንግግር ብዬ ያቀናበርኩት ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ችሎት ውስጥ የሚታይ ነው።

አንድ የዱቄት አከፋፋይ ድርጅት አለ። መጋዘኑ ቃሊቲ ነው። አይሱዙ የሚነዳ ሹፌር ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ለዳቦ ቤቶች ዱቄት ያደርሳል። አንድ ማለዳ በጠባብ መንገድ ላይ መኪናውን ወደ ኋላ ሲያስገባ፣ ጎመንና ድንች ዘርግተው የሚሸጡ አንዲት እናትን ገጭቶ እግራቸውን ሰበረ። አልሸሸም፤ ራሱ ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሳቸው፣ ለትራፊክ ፖሊስም ራሱ ደወለ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559 መሠረት በቸልተኝነት የአካል ጉዳት በማድረስ ተከሰሰ። ችሎት ቀርቦ ድርጊቱን አመነ፤ ጥፋተኛ ተባለ። ለቅጣት አስተያየት ተቀጠረ። የስምሪት ኃላፊው ደብዳቤ እንዲጽፍ ተጠየቀ።

ኃላፊው ሹፌሩን ይወደዋል። የመጀመሪያው ረቂቁ እንዲህ ይል ነበር፤ «አቶ እገሌ በድርጅታችን ለስድስት ዓመት የሠሩ ታማኝ ሠራተኛ ናቸው። ከዚህ በፊት ምንም ዓይነት ወንጀል ፈጽመው አያውቁም። የደረሰው አደጋ ሳይታሰብ የመጣ ሲሆን፣ ተጎጂዋም መኪና በሚቆምበት ቦታ ዕቃ ዘርግተው መገኘታቸው ለአደጋው አስተዋጽኦ አድርጓል። የቤተሰብ ኃላፊ በመሆናቸው የተከበረው ፍርድ ቤት በነጻ እንዲያሰናብታቸው እንጠይቃለን።»

በዚህ ረቂቅ ውስጥ ያለውን እንፍታው። «ምንም ዓይነት ወንጀል ፈጽመው አያውቁም» ይላል። የስምሪት ኃላፊ ይህን በምን ያውቃል? የሪከርድ ጉዳይ የፖሊስ ነው፤ በጣት አሻራ ተመርምሮ ለዐቃቤ ሕጉ የሚቀርበው ውጤት እርሱ ነው። ምናልባት ሹፌሩ ከመቀጠሩ በፊት ሌላ ከተማ አንድ የተዘጋ ነገር ይኖር ይሆናል። ካለና ዐቃቤ ሕጉ ካነሳው፣ የደብዳቤው ሌላው ቃል ሁሉ አብሮ ይወድቃል። ኃላፊው ሊጽፍ የሚችለው «በእኔ ሥር በሠራባቸው ስድስት ዓመታት» የሚለውን ብቻ ነው። ያ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ ተጎጂዋን ይወቅሳል። ለእኔ በዚህ ረቂቅ ውስጥ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ሹፌሩ ራሱ ቆሞ «አጥፍቻለሁ» ብሏል፤ ማቅለያው የተመሠረተው በዚያ እምነት ላይ ነው። አለቃው በጀርባ መጥቶ «እርሳቸውም እዚያ ባይቀመጡ ኖሮ» ሲል ዳኛው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ እምነቱ ከልብ አልነበረም ማለት ነው፣ ቢሮ ውስጥ የሚወራው ሌላ ነው። ተጎጂዋ ችሎት ውስጥ ተቀምጠው ይህ ሲነበብ መስማታቸውን ደግሞ አስቡ። እግራቸው በጀሶ ነው፤ ከዚያች ማለዳ ወዲህ አንዲት ኪሎ ድንች አልሸጡም።

በመጨረሻ «በነጻ እንዲያሰናብታቸው» ይላል። ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ነጻ የሚባል ነገር የለም። ይህን የሚጠይቅ ደብዳቤ ጸሐፊው ነገሩ የት እንደደረሰ አለማወቁን ያሳያል። በአጠቃላይ አለቃ የቅጣቱን መጠን ባይጠይቅ እመርጣለሁ። እርሱ የጠበቃው ሥራ ነው። አለቃው የሚያውቀውን ይናገር።

ምን ያውቃል ታዲያ? ይህን ኃላፊ አስቀምጠን ብንጠይቀው ብዙ ያውቃል። የስምሪት ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሹፌሩ መቼ እንደወጣ፣ መቼ እንደገባ፣ ስንት ጊዜ እንደተቀጣ ያውቃል። አንድ ጊዜ የሆነ ነገርም ትዝ ይለዋል። ሁለተኛው ረቂቅ እንዲህ ከጠየቅነው በኋላ የተጻፈ ነው። ሙሉውን ላንብብላችሁ።

«ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ለዚህ ምድብ ወንጀል ችሎት። የመዝገብ ቁጥር ይህ። ጉዳዩ፦ ስለ ጥፋተኛው የሥራ ጠባይ የቀረበ መግለጫ።

እኔ ፈራሚው በድርጅቱ የስምሪት ኃላፊ ነኝ። ጥፋተኛውን ላለፉት ስድስት ዓመታት በየዕለቱ የማሰማራው እኔ ነኝ። በቸልተኝነት የአካል ጉዳት በማድረስ ጥፋተኛ መባሉን አውቃለሁ፤ ይህን የምጽፈውም ያንን አውቄ ነው። ጉዳት የደረሰባቸውን እናት ሆስፒታል ሄጄ አይቻቸዋለሁ።

በእኔ ሥር በሠራባቸው ዓመታት በግል ማኅደሩ ሁለት ጥፋቶች ተመዝግበዋል። አንደኛው የመኪናውን የጎን መስታወት ከበር ጋር አጋጭቶ በመስበሩ፣ ሁለተኛው ሳያስፈቅድ አርፍዶ በመግባቱ የተሰጡት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያዎች ናቸው። በሰው ላይ ያደረሰው ጉዳት በማኅደሩ የለም። በአንድ ክረምት የፍሬኑ ነገር አላማረኝም ብሎ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ መኪናውን አላወጣም አለ። ደንበኞች ዱቄት እየጠበቁ ስለነበር ተቆጣሁት፤ እርሱ ግን አልተንቀሳቀሰም። መካኒክ ሲያየው የፍሬን ዘይት ቱቦው ያፈስ ነበር። የጥገናው ወረቀት ተያይዟል።

በድርጅታችን መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ረዳት ወርዶ ከኋላ እንዲቆም የተጻፈ መመሪያ አለ። አደጋው በደረሰበት ቀን ረዳቱ ታሞ ቀርቶ ነበር። መኪናው ያለ ረዳት እንዲወጣ የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ይህ የሹፌሩን ጥፋት አያስቀርም፤ ወርዶ ከኋላው ማየት ይችል ነበር፣ እርሱም ይህንኑ ብሎኛል።

አደጋው ከደረሰ በኋላ በሚቀጥለው ወር፣ ማንም ሳያዘው፣ ከደመወዙ በየወሩ 1,500 ብር ተቆርጦ ለተጎጂዋ እንዲሰጥ በጽሑፍ ጠይቋል። እስካሁን የአምስት ወር ተከፍሏል፤ ተጎጂዋ የፈረሙባቸው ደረሰኞች ተያይዘዋል።

ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራው እንዲመለስ የሚያስችል ውሳኔ ቢሰጥ፣ ከማግስቱ ጀምሮ በመጋዘን ክፍል ጭነት መዝጋቢ ሆኖ በእኔ ሥር ይሠራል። ይህ መንጃ ፈቃዱን በሚመለከት በሚሰጥ ትእዛዝ አይለወጥም። ሥራ አስኪያጁ ይህን ያጸደቁበት ደብዳቤ ተያይዟል። ፍርድ ቤቱ ቢጠራኝ ቀርቤ እመሰክራለሁ።»

ደብዳቤው ይህ ነው። ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ውስጡ «ታታሪ» የሚል ቃል የለም፤ «ጨዋ» የሚልም የለም። የጠባዩ ማስረጃ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ቁልፍ ነው። ዳኛው ይህን ሲያነብ በፍርዱ ላይ «ጥፋተኛው ከዚህ ቀደም ለሰው ደኅንነት ይጠነቀቅ እንደነበረ ከቀረበው የጥገና ሰነድ ተረድተናል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። የአምስት ወር ደረሰኝም አለው። ያ ደረሰኝ ከአንቀጽ 82 ጋር ቀጥታ የሚገናኝ ነው፤ ጸጸት በቃል ሳይሆን በወረቀት ሲታይ ማለት ነው።

የማኅደሩን ሁለት ጥፋቶች ለምን አካተትን የሚል ጥያቄ ከእናንተ እጠብቃለሁ። የሹፌሩ ወንድም ይህን ሲያነብ ደንግጦ ነበር፤ «እርሱን ደግሞ ለምን ያወጡበታል?» አለ። መልሴ ይህ ነው። ስድስት ዓመት መኪና ነድቶ አንዲት ማስጠንቀቂያ የሌለበት ሹፌር የለም፤ ዳኛውም ያውቃል። ንጹሕ ማኅደር ያቀረበ አለቃ ወይ አላየውም ወይ ደብቋል። የመስታወቱን ስብራት የተናገረ አለቃ ግን «በሰው ላይ ያደረሰው ጉዳት የለም» ሲል ይታመናል። ዐቃቤ ሕጉም ማኅደሩ ይቅረብልኝ ቢል አዲስ የሚያገኘው ነገር የለም።

የረዳቱ አንቀጽ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ ለመጻፍ ያስቸገረው እርሱ ነው። ኃላፊው መጀመሪያ አላነሳውም ነበር፤ ቆይቶ ነው የነገረኝ። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ «ይህን ከጻፍክ ድርጅቱን ካሣ ያስከፍለዋል» ብለው ተቃወሙ። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ሕጉን አለማየታቸው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ጥፋት የለብኝም ማለት አያድነውም። ስለ አሠሪ ኃላፊነት የሚናገረው አንቀጽ 2130 አለ። ሦስተኛ ወገን መድንም አለ። ድርጅቱ ካሣ ውስጥ የገባው አደጋው በደረሰ ሰዓት ነው፤ በደብዳቤው አይደለም። ቢሆንም ኃላፊው ራሱን የሚነካ ነገር ከመጻፉ በፊት ከድርጅቱ ጠበቃ ጋር፣ ካስፈለገም ለብቻው ከሌላ ጠበቃ ጋር መነጋገር አለበት። የሠራተኛው ጠበቃ የሠራተኛው ጠበቃ ነው፤ የእናንተን ጥቅም የመጠበቅ ግዴታ የለበትም። ይህን ፊት ለፊት ነግሬው ነው የጻፈው።

ደግሞ አንቀጹ እንዴት እንደተጻፈ ተመልከቱ። «ረዳት ስላልነበረ ነው አደጋው የደረሰው» አይልም። የሆነውን ይናገራል፤ ወዲያው ደግሞ የሹፌሩን ጥፋት በቦታው ይተወዋል። ያ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ባይኖር ኖሮ ሰበብ ይሆን ነበር።

ወደ ሥራ የመመለስ ተስፋውን እንይ፤ አለቆች በቀላሉ የሚሳሳቱበት ቦታ ይህ ነው። «ወደ ሥራው ቢመለስ ደስ ይለናል» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ሠራተኛ በፍርድ ቤት ውሳኔ ታስሮ ከ30 ቀን በላይ ከሥራ ከቀረ፣ አሠሪው ያለማስጠንቀቂያ ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል። ስለዚህ አለቃው በደብዳቤው የሰጠውን ተስፋ ሰው ሀብት ክፍል በሌላ ደብዳቤ ሊያፈርሰው ይችላል። ይህ ሲሆን አይቻለሁ፤ ሰውየው በገደብ ወጥቶ ሥራ ቦታው ሲደርስ የስንብት ደብዳቤ ጠበቀው። ዳኛው ገደቡን የሰጠው በዚያ ሥራ ላይ ተመሥርቶ ነበር። ለዚህ ነው የስምሪት ኃላፊው የሥራ አስኪያጁን ማጽደቂያ እንዲያያይዝ የጠየቅሁት። ማጽደቂያ ካላገኛችሁ ተስፋውን አትጻፉት፤ «በእኔ በኩል ተመልሶ አብሮኝ ቢሠራ እፈቅዳለሁ፣ ውሳኔው ግን የድርጅቱ ነው» በሉ። ይህም ቢሆን ዋጋ አለው። ሹፌር ከሆነ ደግሞ ተስፋው በመሪ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል፤ መንጃ ፈቃዱ ቢታገድ ሥራው አብሮ ይሄዳል።

አቀራረቡን በአጭሩ ልለፈው። ደብዳቤው ለተከላካይ ጠበቃው ይሰጣል፤ ጠበቃ ከሌለ ራሱ ሠራተኛው በችሎት ያቀርበዋል ወይም በሬጅስትራር በኩል መዝገቡ ውስጥ ይገባል። ዐቃቤ ሕጉ ሊያየው ይገባል። ዳኛውን ታውቁት ይሆናል፣ የጎረቤታችሁ ልጅ ይሆን ይሆናል፤ በግል አትስጡት፣ አትደውሉለት። እንዲህ ያለ ነገር ሠራተኛውን ይጎዳዋል፣ ዳኛውንም ከመዝገቡ ሊያስነሳው ይችላል።

በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችሁ ይህን ደብዳቤ ሊጠየቁ ስለሚችሉ አንድ ነገር ልጨምር። እዚያም በፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛው ቅጣት ሲወስን የጥፋተኛውን የሕይወት ታሪክና ጠባይ እንዲያይ ሕጉ ያዘዋል፤ የአለቃ ደብዳቤም በጠበቃው በኩል ይቀርባል። ልዩነቱ ሰውየው የአሜሪካ ዜጋ ካልሆነ ላይ ነው። በኢሚግሬሽን ሕጋቸው ቅጣቱ ቢገደብም እንኳ የተፈረደው ሙሉ ጊዜ ይቆጠራል፤ በስርቆት ወይም በኃይል ድርጊት አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ መፈረድ ከአገር ለመባረር ሊያበቃ ይችላል። ስለዚህ እዚያ ለሚጽፉት ዘመዶቻችሁ እንዲህ በሏቸው፤ የድርጊቱን ዝርዝር ከሠራተኛው አፍ ሰምታችሁ አትጻፉ። እርሱ ካመነው ክስ ያለፈ ዝርዝር በእናንተ ፊርማ ከተመዘገበ ወደ ኋላ የማይመለስ ችግር ሊያመጣ ይችላል። «ያመነውን ክስ አውቃለሁ» ብላችሁ ወደ ራሳችሁ ምስክርነት እለፉ፤ ከመላካችሁም በፊት ጠበቃው ያንብበው።

አለመጻፍም አለ። ሠራተኛው የሰረቀው ከእናንተ ከሆነ፣ በማኅደሩ ውስጥ ያለው ነገር ከክሱ ጋር የሚመሳሰል ከሆነ፣ ወይም ሰውየውን በእርግጥ የማታውቁት ከሆነ፣ እምቢ በሉ። «ስለ እርሱ የምናገረው አይረዳውም» ማለት ለቤተሰቡ ከባድ ቃል ነው፤ ነገር ግን በሐሰት መመስከር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 453 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ደብዳቤያችሁም መሐላ ወዳለበት የምስክር ሳጥን ሊያደርሳችሁ ይችላል። ከስድስት ወር በፊት የተመደባችሁ አለቃ ከሆናችሁ ደግሞ ከእናንተ በፊት የነበረውን አለቃ ፈልጉላቸው። ጡረታ ወጥቶም ቢሆን እርሱ ነው የሚያውቀው።

ችሎት ብትጠሩ የሚጠብቃችሁን ነግሬ ላብቃ። የስምሪት ደብተሩን ዋናውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቅጂ ብቻ አይበቃም። ዐቃቤ ሕጉ የሚጠይቀው በአብዛኛው አስቀድሞ ይታወቃል። ዝምድና አላችሁ ወይ ይላል፤ ካለ ንገሩት፣ ደብዳቤው ላይም ቀድማችሁ ጻፉት። ደብዳቤውን ማን አረቀቀው ይላል፤ ጠበቃው አይቶት ከሆነ አይቶታል በሉ፣ ነውር የለበትም። ከዚያ «እርስዎ ተጎጂዋን ቢሆኑ ይህን ሰው ይምሩታል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። የስምሪት ኃላፊው ይህ ሲጠየቅ «እርሳቸውን ወክዬ መናገር አልችልም። እኔ የማውቀው ሥራ ቦታ ያየሁትን ነው» ብሎ መለሰ። ዳኛው አንገታቸውን ነቅንቀው የጥገናውን ወረቀት ዋናውን እንዲያሳያቸው ጠየቁት። ይዞት ነበር።